«አሳቀ»ን በጆሮ፣ «አስወጣ»ን በተሳታፊ ቁጥር

ጥያቄ፦ «የቋንቋ ጥናት ተማሪ ነኝ። ተሳቢ የማይወስዱ ግሶች አንአኩዛቲቭና አንኧርጋቲቭ ተብለው በሁለት እንደሚከፈሉ ተምረናል። በአማርኛ የሚለያቸው አስደራጊው ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ‹አ-›ን፣ ሁለተኞቹ ‹አስ-›ን ይወስዳሉ ተባልን። ነገር ግን ‹ፈላ› ‹አፈላ› እንደሚሆን ሁሉ ‹ሳቀ›ም ‹አሳቀ› ይሆናል። ‹ወጣ› ደግሞ ‹አወጣ›ም ‹አስወጣ›ም አለው። ታዲያ ይህ ፈተና በእርግጥ ይለያል?»

መልስ፦

ይለያል፤ የሚሠራው ግን በዓይን ሳይሆን በጆሮ ነው። «አፈላ» እና «አሳቀ» የሚሉትን ቃላት ድምፅዎን ከፍ አድርገው ይበሏቸው። «አፈላ» ሲሉ «ፈ» ላልቶ ያልፋል፤ ጥርስና ከንፈር ተገናኝተው ወዲያው ይለያያሉ። «አሳቀ» ሲሉ ግን «ሳ» ጠብቆ ነው የሚወጣው፤ ምላስዎ ቦታው ላይ ትንሽ ይቆያል። ጽሕፈታችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ሁለቱ ቃላት በወረቀት ላይ አንድ ዓይነት አስደራጊ የያዙ ይመስላሉ። «አፈላ» ግን «አ-» እና «ፈላ» ሲሆን «አሳቀ» «አስ-» እና «ሳቀ» ነው። የ«አስ-» «ስ» ከግሱ የመጀመሪያ ድምፅ ጋር ስለገጠመ ሁለቱ አንድ ጠብቆ የሚነገር ድምፅ ሆኑ። «ሳ»ን አላልተው «አሳቀ» ለማለት ይሞክሩ፤ ማንም «አስቆ አዝናና» ለማለት እንዲህ አይልም።

ይህ ለአንድ ቃል ብቻ የተበጀ ማብራሪያ እንዳይመስልዎ «ሰፋ»ን ይውሰዱ። አማርኛ ሁለት «ሰፋ» አለው። አንደኛው «መንገዱ ሰፋ» የምንለው ነው፤ ጠባብ የነበረ ነገር ሰፊ ሆነ። ሁለተኛው «ልብስ ሰፋ» የምንለው፣ መርፌና ክር የያዘ ሰው የሚሠራው ሥራ ነው። ሁለቱ ሲጻፉም ሲነገሩም አንድ ናቸው። አስደራጊ ሲጨመርባቸው ግን በድምፅ ይለያያሉ። «ቀሚሷን አሰፋች» የሚለውን ዓረፍተ ነገር «ሰ»ን አላልተው ካነበቡት፣ ጠቧት የነበረውን ቀሚስ ሰፊ አደረገችው ማለት ነው። አጥብቀው ካነበቡት ደግሞ ሌላ ሰው እንዲሰፋላት አደረገች ማለት ይሆናል። የሰው ስም የሆነው አሰፋ ላልቶ የሚጠራው ከመጀመሪያው ስለመጣ ነው። ለውጥ የሚያመለክተው «ሰፋ» «አ-»ን መረጠ፤ ሠሪ ያለው «ሰፋ» «አስ-»ን መረጠ። የፈተናው ፍሬ ነገር በዚህች አንዲት ድምፅ ውስጥ አለ።

አሁን ምርጫው ከየት እንደመጣ እንመልከት። «ውሃው ፈላ» ስንል ውሃው የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ነው፤ ግሱም ከእርሱ ጋር ይስማማል። ሆኖም ውሃው ያደረገው ነገር የለም፤ አንድ ለውጥ ደረሰበት እንጂ። «አስቴር ውሃውን አፈላች» ስንል ያው ለውጥ በዚያው ውሃ ላይ ደርሷል፤ ውሃው ግን «-ን» ይዞ ተሳቢ ሆኗል። የአንአኩዛቲቭ መላምት የሚለው ይህንን ነው፦ በ«ውሃው ፈላ» ውስጥም ውሃው ከሥር የተሳቢ ቦታ ላይ ነው የተወለደው። ግሱ አድራጊ ስለሌለውና ለተሳቢው «-ን» መስጠት ስለማይችል፣ ያ ብቸኛ ስም ወደ ባለቤቱ ቦታ ይሄዳል። አንአኩዛቲቭ የሚለው ስያሜም ከዚህ የመጣ ነው፤ «-ን»ን የማይሰጥ ማለት ነው። «ልጁ ሳቀ» ግን ሌላ ነው፤ አንኧርጋቲቭ ነው። ልጁ ከመጀመሪያውም በአድራጊው ቦታ ነው ያለው፤ «ልጁ ወንበሩን ሰበረ» በሚለው ውስጥ ልጁ ካለበት ቦታ ጋር አንድ ነው።

መላምቱን በዚህ መልክ ያቀረበው ዴቪድ ፐርልሙተር በ1978 ባሳተመው ጽሑፍ ነው። ሁለቱን ስያሜዎች ለጄፍሪ ፑለም ይሰጧቸዋል። በኋላ ሉዊጂ ቡርዚዮ በ1986 ስለ ጣሊያንኛ አገባብ ባወጣው መጽሐፍ ሐሳቡን በስፋት አዳበረው። የአማርኛውን «አ-» እና «አስ-» ከዚህ አከፋፈል ጋር አያይዘው ከመረመሩት መካከል መንግሥቱ አምበርብር አንዱ ነው።

በዚህ አስተሳሰብ «አ-» የሚሠራው ሥራ ግልጽ ነው፤ አድራጊ ለሌለው ግስ አድራጊ ያመጣለታል። «ፈላ»፣ «ቀለጠ»፣ «ደረቀ»፣ «ጠፋ»፣ «በሰለ»፣ «ነደደ» ሁሉም የአድራጊ ቦታቸው ክፍት ስለሆነ «አፈላ»፣ «አቀለጠ»፣ «አደረቀ»፣ «አጠፋ»፣ «አበሰለ»፣ «አነደደ» ይሆናሉ። «ጨፈረ» ግን አድራጊ አለው። ቦታው ተይዟል። ስለዚህ «አጨፈረ» አንልም። ሌላ አድራጊ ከበላይ መጨመር ከፈለግን «አስጨፈረ» እንላለን፤ «ዘፋኙ ሕዝቡን አስጨፈረው»። «ገደለ»ም አድራጊ ስላለው በዚያው መንገድ «አስገደለ» ይሆናል። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ፤ «ጨፈረ» እንደ «ፈላ» ተሳቢ የሌለው ግስ ሆኖ ሳለ ጠባዩ ግን የተሻጋሪው የ«ገደለ» ነው። ሁለቱ ዓይነቶች በእርግጥ እንደሚለያዩ ከሁሉ በላይ ያሳመነኝ ማስረጃ ይህ ነው።

ወደ «ወጣ» ከመሄዳችን በፊት አንድ መሣሪያ ያስፈልገናል። «‹አስፈላ›ም አለ እኮ» ብሎ የሚከራከር ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። እውነት ነው፤ አለ። ግን «አስቴር ውሃውን አስፈላች» ስንል በነገሩ ውስጥ ስንት ተሳታፊ አለ? ሦስት ነው፦ አስቴር፣ ውሃውና ስሙ ያልተጠራ፣ እሳቱ ዘንድ የቆመ ሌላ ሰው። «አስፈላ» የ«አፈላ» አስደራጊ እንጂ በቀጥታ የ«ፈላ» አይደለም። በ«ሕዝቡን አስጨፈረው» ውስጥ ግን ሁለት ብቻ ናቸው፤ ዘፋኙና ሕዝቡ። በመካከል የተደበቀ ሰው የለም። ስለዚህ ፈተናው «‹አስ-› ይገባበታል ወይስ አይገባበትም?» ብሎ የሚጠይቅ ከሆነ ምንም አይለይም፤ «አስ-» በሁሉም ላይ ይገባል ማለት ይቻላል። መጠየቅ ያለበት «‹አስ-› ሲገባ የተደበቀ ሦስተኛ ሰው ይመጣል ወይ?» ተብሎ ነው።

የተደበቀውን ሰው ለመያዝ ቀላሉ ዘዴ ማዘዝ የማይችል ነገር በአድራጊው ቦታ ማስቀመጥ ነው። ፀሐይ ማንንም አታዝም። «ፀሐይ ቅጠሉን አደረቀችው» ጥሩ አማርኛ ነው። «ፀሐይ ቅጠሉን አስደረቀችው» ግን ጆሮ ይቆረቁራል፤ ምክንያቱም ፀሐይ ሌላ ሰው አሰማርታ ቅጠል የምታስደርቅ ስለሚያስመስል ነው። አሁን «ቀልዱ አሳቀኝ» ይበሉ። ቀልድም ማንንም አያዝም፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ፍጹም ደህና ነው፤ በቀልዱና በእኔ መካከል ማንም የለምና። «ድንጋጤው አስጮኸኝ» እንደዚያው ነው። «ሳቀ» እና «ጮኸ» «አስ-»ን የሚወስዱት ራሳቸው አድራጊ ስላላቸው ነው።

በዚህ መሣሪያ «ወጣ»ን እንፈትነው። አራት ዓረፍተ ነገሮች እንሥራ፤ ማዘዝ የማይችል መንስኤ እንምረጥ፤ የሚወጣውን አንዴ ግዑዝ፣ አንዴ ሰው እናድርገው። «ጎርፉ ወንበሩን ከቤት አወጣው።» ይህ ደህና ነው። «ጎርፉ ወንበሩን ከቤት አስወጣው።» ይህ አይሆንም፤ ጎርፉ ተሸካሚ ያዘዘ ያስመስላል። «ጭሱ ሰዎቹን ከቤት አስወጣቸው።» ይህ ደህና ነው፤ ጭስ ገባ፣ ሰዎቹ በእግራቸው ወጡ። «ጭሱ ሰዎቹን ከቤት አወጣቸው።» ይህ ደግሞ እንግዳ ነው፤ ጭሱ ሰዎቹን አንሥቶ ውጭ ያስቀመጠ ይመስላል። ውጤቱ ተሻግሮ ሲገጥም ይታይዎታል፦ የሚወጣው ነገር ዕቃ ሲሆን «አ-»፣ በገዛ ፈቃዱ የሚወጣ ሰው ሲሆን «አስ-»።

ሰውም ቢሆን እንደ ዕቃ ከታየ ወደ «አ-» ይመለሳል። ጉድጓድ ውስጥ የወደቀን ልጅ ጎትቶ ያዳነ ሰው ልጁን «አወጣው» ይባላል፤ ልጁ ራሱ አልተራመደም። አስተማሪው የረበሸውን ተማሪ ከክፍል «አስወጣው» ይባላል፤ ተማሪው በራሱ እግር ሄዷል። ጥያቄዎ «‹ወጣ› አንአኩዛቲቭ ነው ወይስ አንኧርጋቲቭ?» ከሆነ፣ ጥያቄው ራሱ ስለ ብቻውን የቆመ ግስ መሆኑን ልብ ይበሉ። የሚመደበው ግን በዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለው ግስ ነው። «ወንበሩ ወጣ» አንአኩዛቲቭ ነው። «ተማሪው ወጣ» እንደ አነጋገሩ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። «ገባ»ም ይህንኑ መንገድ ይከተላል፤ ኳስ ወደ መረብ «አገባ» እንላለን፣ እንግዳን ወደ ቤት «አስገባ» እንላለን።

ይህ የአማርኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። ጣሊያንኛ የተፈጸመ ድርጊትን ሲናገር ሁለት ረዳት ግሶች አሉት፤ አንዱ «መሆን» የሚለው «ኤሴሬ»፣ ሌላው «መያዝ» የሚለው «አቬሬ» ነው። «ማሪያ ደረሰች» ሲባል «ማሪያ ኤ አሪቫታ» ነው፤ ረዳቱ «መሆን» ነው፣ የግሱም መጨረሻ ከማሪያ ጋር በሴት ጾታ ይስማማል። «ማሪያ ስልክ ደወለች» ሲባል ግን «ማሪያ ኣ ቴሌፎናቶ» ነው፤ ረዳቱ «መያዝ» ነው፣ ስምምነትም የለም። ይህ የጣሊያንኛ ዋና ፈተና ነው፤ «ደረሰ» አንአኩዛቲቭ፣ «ደወለ» አንኧርጋቲቭ ሆነው ይወጣሉ። «ሮጠ» የሚለው «ኮሬሬ» ግን እንደ አማርኛው «ወጣ» ሁለት ፊት አለው። መሮጥ እንደ ሥራ ብቻ ሲነገር «አቬሬ»ን ይወስዳል፤ ወደ ቤት ሮጦ ሄደ ሲባል፣ መድረሻ ሲጨመርበት፣ «ኤሴሬ»ን ይወስዳል። አማርኛ ሁለቱን ፊቶች የሚያሳየው በረዳት ግስ ሳይሆን በአስደራጊው ነው።

እስካሁን የተጠቀምነው አንድ ፈተና ብቻ ነው። ፐርልሙተር በ1978 የተነሣው ግን ከሌላ ፈተና ነበር፤ ባለቤት ከሌለው ተደራጊ። በደች ቋንቋ «እዚህ ይጨፈራል» የሚል ዓረፍተ ነገር ከአንኧርጋቲቭ ግሶች ይሠራል፤ ከአንአኩዛቲቮቹ አይሠራም የሚል ነበር ክርክሩ። አማርኛም ይህ አለው። «ሌሊቱን ሙሉ ተጨፈረ»፣ «በጣም ተሳቀ»፣ «ብዙ ተለቀሰ» እንላለን፤ ማን እንደጨፈረ፣ እንደሳቀ፣ እንዳለቀሰ አልተነገረም። «እዚህ ብዙ ተፈላ» ወይም «በበጋ ይደረቃል» ግን በዚህ ትርጉም አይባልም። እስከዚህ ድረስ ፈተናዎቹ የተስማሙ ይመስላል።

አሁን አንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ ገብተው መውጫው የጠፋበትን ሰው ያስቡ። «በየት በኩል ነው የሚወጣው?» ብሎ ይጠይቃል። «ወ»ን አጥብቆ ነው የሚለው። የሚመልስለትም «በዚያ በር ይወጣል» ሲል «ወ»ን ያጠብቃል። ላልቶ ቢሆን «እርሱ በዚያ በር ይወጣል» ማለት ይሆን ነበር፤ ጠብቆ ሲሆን ሰው ሁሉ የሚወጣበት በር ያ ነው ማለት ነው። የተደራጊው «ተ-» ከ«ይ-» ኋላ ሲገባ ተውጦ ቀጣዩን ድምፅ ያጠብቃል፤ በጽሕፈት ግን ደግመን እንስተዋለን። «ይገባል»ም እንዲሁ ነው። ስለዚህ «አወጣ» የሚል አስደራጊ ያለውና በዚያ ፈተና አንአኩዛቲቭ መሆን የሚችለው «ወጣ»፣ በተደራጊው ፈተና አንኧርጋቲቭ ሆኖ ያልፋል።

ይህ ቅራኔ ይመስላል እንጂ አይደለም። በ«ይወጣል» ውስጥ የተደበቀው ወጪ የግድ ሰው ነው፤ በፈቃዱ የሚወጣ ሰው። «በዚያ በር ይወጣል» ሲባል ወንበርና ጭስ ማለት አይቻልም። ባለቤት አልባው ተደራጊ የሚፈልገው ፈቃድ ያለው ሰው ነው፤ ያ ሲኖር ዓረፍተ ነገሩ ከ«አስወጣ»ው «ወጣ» ጋር ነው የሚቆጠረው። በዚህ ምክንያት ይህን ፈተና ስጠቀም አንዱን ጎኑን ብቻ አምናለሁ። ግሱ ካለፈ፣ ቢያንስ አድራጊ ያለው አጠቃቀም አለው እላለሁ። ስላለፈ ብቻ ግን አንአኩዛቲቭ የሆነ ሌላ አጠቃቀም የለውም ማለት አልችልም፤ ከወደቀም ፈቃድ ስለሌለ ብቻ ሊሆን ይችላል።

ፈቃድና መዋቅር አንድ አለመሆናቸውን የሚያሳየው «አነጠሰ» ነው። ማንም ፈልጎ አያነጥስም። በትርጉም ብቻ ብንመድበው ከ«ፈላ» ጎን እናስቀምጠው ነበር። ፐርልሙተር ግን ማሳልና ማነጠስን የመሳሰሉ፣ ያለ ፈቃድ የሚመጡ የሰውነት ድርጊቶችን ከአንኧርጋቲቮቹ ጋር ነው የመደባቸው። አማርኛም «አቧራው አስነጠሰኝ» ይላል፤ በአቧራውና በእኔ መካከል ማንም የለም፣ ሆኖም «አስ-» ገብቷል። «ሳለ»ም «ጭሱ አሳለኝ» ሲባል «ሳ» ይጠብቃል። የአስደራጊው ፈተና «ፈለገ ወይ?» አይልም፤ «ድርጊቱ ከማን ወጣ?» ነው የሚለው።

ማላብ ደግሞ ሌላ መንገድ ይዟል። የጣሊያንኛው «ሱዳሬ» «አቬሬ»ን ስለሚወስድ አንኧርጋቲቭ ነው። በአሜሪካ አገር በቀል ቋንቋ በቾክቶ ግን የሚያልበው ሰው የሚታየው በተሳቢ መልክ ነው፤ ካሮል ሮዘን በ1984 ባወጣችው ጽሑፍ ትርጉም ብቻውን ግሶችን ሊመድብ እንደማይችል ለማሳየት ይህን ልዩነት ተጠቅማበታለች። እኛም «አላበኝ» ነው የምንለው። «አላብኩ» አንልም። «-ኝ» የተሳቢ ምዕላድ ነው፤ «ራበኝ»፣ «በረደኝ»፣ «አመመኝ» ከዚሁ ወገን ናቸው። አንድ ድርጊት፣ አንድ ሰውነት፣ በተለያዩ ቋንቋዎች የተለያየ መዋቅር። ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ የግሶችን ዝርዝር ወስዶ በአማርኛ ተርጉሞ መመደብ የማይሆነው ለዚህ ነው።

በክፍል ውስጥ ደጋግሜ የማነሣው አንድ ሌላ ጥንድ አለ። «ውሻው ጠፋበት» ይበሉ። የማን ውሻ ነው? የሰውየው ነው፤ ሌላ ካልተነገረ በቀር እንዲያ ነው የምንሰማው። «ውሻው ጮኸበት» ይበሉ። አሁን ውሻው የማንም ሊሆን ይችላል፤ ምናልባትም የጎረቤት ነው፤ ሰውየው የተጮኸበት ነው እንጂ የውሻው ባለቤት መሆኑ አልተነገረም። «ልጁ ሞተበት» እና «ልጁ ሳቀበት» የሚሉትን አስከትለው ያነጻጽሩ። ያው «-በት» በአንአኩዛቲቩ ግስ ላይ የጠፋውን ነገር ጌታ ያመለክታል፤ በአንኧርጋቲቩ ላይ ግን ድርጊቱ ያነጣጠረበትን ሰው። ባለቤትነት የሚነበበው ስሙ ከሥር ተሳቢ ሲሆን ነው የሚል ተመሳሳይ ክርክር ለዕብራይስጥ ሐጊት ቦረርና ዮሴፍ ግሮድዚንስኪ በ1986 አቅርበው ነበር፤ በኋላ ጥያቄ ተነሥቶበታል። እኔም በአማርኛው ላይ ብዙ ክብደት አልጭንበትም፤ ዐውድ ሲለወጥ ንባቡም ይለወጣል። ለመጠቆም ይጠቅማል እንጂ ለመፍረድ አይበቃም።

«ሳቅ ሳቀ»፣ «ጩኸት ጮኸ» እንደሚባለው፣ ከራሱ ሥር የወጣ ስም ተሳቢ አድርጎ የሚቀበል ግስ አንኧርጋቲቭ ነው የሚል ፈተናም በመጻሕፍት ያገኛሉ። በአማርኛ አይመኩበት። «የጀግና ሞት ሞተ» ሁሉም ሰው ይላል፤ «ሞተ» ግን በብዙ ቋንቋዎች ከአንአኩዛቲቭ ግሶች ፊት ረድፍ ከሚጠቀሱት አንዱ ነው።

ስለ «ሞተ» ካነሣን፣ የአስደራጊው ፈተናም የሚቆምበት ቦታ አለ። «አሞተ» አንልም፤ ይህን ያየ ተማሪ «ሞተ»ን ከአንኧርጋቲቮቹ ጋር ሊጥለው ይችላል። ቦታውን የያዘበት ሌላ ቃል ስላለ ነው፤ «ገደለ»። በሌላ በኩል «በላ»፣ «ጠጣ»፣ «ለበሰ» ተሻጋሪ፣ አድራጊ ያላቸው ግሶች ሆነው ሳለ «አበላ»፣ «አጠጣ»፣ «አለበሰ» ይሆናሉ። የሚሰጠው ማብራሪያ የበላው፣ የጠጣው ወይም የለበሰው ሰው አድራጊ ብቻ ሳይሆን ነገሩ በራሱ ላይ የሚደርስበትም ነው የሚል ነው፤ ምግቡ ወደ እርሱ ገብቷል፣ ልብሱ በላዩ አርፏል። ማብራሪያው ያሳምነኛል። ያም ሆነ ይህ «አ-» የወሰደ ሁሉ አንአኩዛቲቭ ነው ማለት አይቻልም፤ መጀመሪያ ግሱ ተሳቢ እንደሌለው ያረጋግጡ።

ከዚያም «ተሰበረ» እና «ተከፈተ» አሉ። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት «ተሰበረ»ን የአንአኩዛቲቭ አብነት አድርገው ያቀርባሉ፤ በዚያ ቋንቋ ቃሉ ተሻጋሪ ሆነም አልሆነ መልኩ አንድ ነውና። በአማርኛ ግን መነሻው ተሻጋሪው «ሰበረ» ነው፤ «ተ-» ሲገባበት አድራጊው ይወገዳል። «ብርጭቆው በራሱ ተሰበረ» ሲባል ብርጭቆው ከሥር ተሳቢ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ሆኖም የ«አ-» ፈተና እዚህ ሊተገበር አይችልም፤ መነሻው አስቀድሞ አድራጊ አለው። «አለቀሰ»ም እንዲሁ ያሳስታል። «አ» ብሎ ስለጀመረ የአስደራጊ መልክ ይመስላል፤ ግን ከእርሱ በታች «ለቀሰ» የሚባል ግስ የለም። አስደራጊው «አስለቀሰ» ነው፤ «ዜናው አስለቀሰኝ» ደግሞ በመካከሉ ማንንም አልደበቀም። ስለዚህ አንኧርጋቲቭ ነው።

በቤት ሥራዎ «ሄደ» ቢመጣብዎ እንዲህ ይሥሩት። ተሳቢ አለው? የለውም። አስደራጊው ምንድን ነው? «አስኬደ»። ማዘዝ የማይችል መንስኤ ያስገቡ፤ «ጉዳዩ ሩቅ አገር አስኬደኝ» ደህና ነው፣ የተደበቀ ሰው የለም። ባለቤት አልባ ተደራጊ አለው? «ወደዚያ በየት ይኬዳል?» እንላለን፣ «ኬ»ን አጥብቀን። ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ያመለክታሉ፦ በዛሬው አማርኛ፣ በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ፣ «ሄደ» አንኧርጋቲቭ ነው፤ በጣሊያንኛ «ሄደ» የሚለው «አንዳሬ» ግን «ኤሴሬ»ን ስለሚወስድ በተቃራኒው ወገን ይቆማል። «ወጣ»ን ደግሞ በሁለት መስመር ይጻፉት፤ አንዱን ከወንበሩ ጋር፣ አንዱን ከተማሪው ጋር።